ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን ያለበትን ሰው እንዴት እናዘጋጀው? ኪሎ ከማየት ጀምሮ እስከ መጀመሪያዋ ጉርሻ

ቀጠሮ በተያዘበት ቀን ለበሽተኛው መጠየቅ ያለባት አንዲት ጥያቄ አለች፣ «ከስድስት ወር በፊት ስንት ኪሎ ነበሩ?» ምትል። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንጠይቀው ኦፕራሲዮኑ ሊሰራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፣ ያኔ ደሞ መልሱ ምንም ቢሆን ምንም ማድረግ አይቻልም። ሰውነቱ አልቆ የገባ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ የተሰፋው አንጀት የመክፈት እድሉ ይጨምራል፣ አልጋ ላይም ይቆያል። ሰርጀኑ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን ይሄን በመርፌና በክር አያስተካክለውም።

ይሄን ምጽፈው ደሴና ወልዲያ ኮምቦልቻም አካባቢ ዋርድ ላይ ለሚሰሩ ነርሶችና ጠቅላላ ሀኪሞች ነው፣ አስታማሚዎችም ብታነቡት ይገባችኋል፣ ግን በራሳችሁ ከምትጀምሩት ከሚያክማችሁ ሰው ጋ አውሩበት። ስለ ሁሉም ኦፕራሲዮን አይደለም ማወራው፣ በቀጠሮ ስለሚሰራ የአንጀት ኦፕራሲዮን ነው። አንጀቱ ታጥፎ ወይ ተበስቶ በድንገት ለመጣ ሰው ይሄ ሁሉ ዝግጅት አይሰራም፣ እሱ ቶሎ መሰራት ነው ያለበት።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከሐይቅ ወጣ ካለ ገጠር የመጡ የ58 አመት እናት ናቸው እንበል፣ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን ዋርድ ላይ ከምናያቸው ከብዙዎቹ የተቀዳ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ አንጀታቸው ላይ እጢ ተገኝቷል፣ አልተዘጋም፣ ይወጣል ተብሏል። እማማ እንበላቸው።

ደረጃ 1፦ ኪሎውን በእውነት እወቁ

ጋቢውም ጫማውም ይውለቅ፣ ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ዜሮ ማሳየቱን እዩ፣ ከዛ መዝኑ። እማማ 46 ኪሎ ሆኑ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ58። ቢኤምአይ ማለት ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፣ 46 ለ1.58 ከዛ ደግሞ ለ1.58 ስናካፍለው 18.4 ይመጣል። ከ18.5 ትንሽ ዝቅ ያለ።

ዋናው ግን አሁን ያሉበት ሳይሆን የወረዱበት ነው። «ስንት ኪሎ ነበሩ?» ስትሏቸው «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሚዛን መች አውቃለሁ» ይሏችኋል፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚ ማስረጃ ፈልጉ። የጤና ጣቢያ ካርድ አለ? ከአምስት ወር በፊት ለጨጓራ ብለው ሲሄዱ የተመዘኑበት ካርድ ልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፣ 53 ኪሎ ይላል። ካርድ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለውን ፎቶ ከፊታቸው ጋ አስተያዩ፣ ወንድ ከሆነ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ካለ እዩ፣ ሴት ከሆነች ቀሚሱ ከትከሻ መንሸራተቱን፣ መቀነቱ ድሮ ስንት ዙር ይዞር እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚዞር ጠይቁ፣ የጣት ቀለበት ክር ተጠምጥሞበት ከሆነ ሰውዬው መክሳቱን ነግሮናል። በዚህ የሚገኘው ቁጥር ግምት ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ከ53 ወደ 46 ማለት 7 ኪሎ ነው፣ 7 ለ53 ሲካፈል 13 ፐርሰንት አካባቢ። ሳይፈልጉት በስድስት ወር ውስጥ ከ10 ፐርሰንት በላይ የቀነሰ ሰው ከባድ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ይያዛል።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፣ እግሩ ያበጠ ወይ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ሚዛን ላይ ደህና ይመስላል። ውሃው 5 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ ስጋው ግን አልቋል። እንደዚህ አይነት ሰው ካጋጠማችሁ ኪሎውን ተዉትና ጡንቻውን እዩ፣ ግንባሩ ጎንና ጎን ጎድጉዷል? የደረት አጥንቱ ከላይ ወጥቷል? አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሀል ያለችው ስጋ ጠፍጣፋ ሆናለች? እጃችሁን ጨብጥ ስትሉት አቅም አለው? ያቺ ጨበጣ ብዙ ነገር ትናገራለች።

ደረጃ 2፦ ምን እየበሉ ነው፣ ለምንስ አልበሉም?

«ይበላሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አልሀምዱሊላህ» ወይ «ተመስገን» ነው። «ትናንት ጠዋት ምን ቀመሱ? ከእንጀራው ስንቱ ቀረ? ድሮስ ምን ያህል ይበሉ ነበር?» ብላችሁ ዘርዝሩት። እማማ ድሮ አንድ ሙሉ እንጀራ ይጨርሱ ነበር፣ ካለፈው ወር ወዲህ ግማሹንም አያልፉም። ባለፈው ሳምንት ከድሮው ከግማሽ በታች የበላ ሰው በዚህ ብቻ አደጋ ውስጥ ይገባል፣ ቢኤምአዩን ሳናየው።

ከዛ ለምን? የሚለው ይመጣል፣ ምክንያቱም መፍትሄው የሚለየው እዚህ ነው። ጥርስ የለም? ሆዱ ቶሎ ይሞላል? ከበሉ በኋላ ያማል? ወይስ ቤት ውስጥ የሚበላው ራሱ አልነበረም? አንዳንዴ ሰውዬው በሽታው ሳይሆን ጾሙ ነው ያከሳው፣ ሁዳዴን ጾሞ መጣ። ወሎ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ዋርድ ውስጥ ስለሚተኛ ሁለቱንም እናያለን፣ ሁለቱም ጋ ለታመመ ሰው መፍትሄ አለ። ከንስሀ አባታቸው ወይ ከሼሁ ጋ እንዲያወሩ ቶሎ ንገሯቸው፣ ሀኪም ብሏል ብቻ ማለት ብዙም አያስኬድም፣ ሰው ልቡ ካልተረጋጋ ወተቱን ተቀብሎ ከአልጋ ስር ነው ሚያስቀምጠው።

አንድ ምልክት ግን ለይታችሁ ያዙ። የትናንት ራት ዛሬ ማታ ሳይፈጭ ሚተፋ ሰው ካለ የጨጓራው መውጫ ጠቧል ማለት ነው፣ ይሄ ሰው አመጋገቡም የስኳር መጠጡም የተለየ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ።

አልቡሚን ላብ ላይ ካለ አሰሩት፣ ከ3 በታች ከሆነ አደጋውን ይጨምራል። ግን አልቡሚን እንቁላል በመብላት በሳምንት ውስጥ የሚነሳ ነገር አይደለም፣ ኢንፌክሽንና እብጠት ሲኖር ራሱ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው አልቡሚኑ ወርዷልና ብሎ ጠርሙስ አልቡሚን በደም ስር ሊያስገዛ ይሯሯጣል፣ በጣም ውድ ነው አመጋገቡንም አያስተካክለውም።

ደረጃ 3፦ ይሰራ ወይስ ይቆይ?

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፣ ቢኤምአይ ከ18.5 በታች ከሆነ (ከ65 አመት በላይ ከሆነ ከ20 በታች)፣ ወይ ከ10 ፐርሰንት በላይ ከቀነሰ፣ ወይ ባለፈው ሳምንት ከግማሽ በታች ከበላ፣ ወይ አልቡሚኑ ከ3 በታች ከሆነ፣ ከነዚህ አንዱ እንኳን ካለ በደንብ መገምገም አለበት። ከባድ ከሆነ የአውሮፓ የክሊኒካል ኒውትሪሽን ማህበር የሚመክረው ኦፕራሲዮኑን ከ7 እስከ 14 ቀን ማቆየትና ማብላት ነው፣ ካንሰርም ቢሆን። «ካንሰር እኮ ነው እንዴት ይቆያል» ይባላል፣ የአንጀት እጢ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያን ያህል አይለወጥም፣ የተሰፋ አንጀት መክፈት ግን ሰውን ይገላል። ካልተዘጋ፣ ካልደማ፣ ካልተበሳ ጊዜ አለን።

እማማ ከአራቱ የመጀመሪያዎቹን ሶስቱን አሟልተዋል። ሰርጀኑን አናግረን ለ14 ቀን ገፋነው እንበል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ «ሁለት ሳምንት ቆይተው ይምጡ» ብሎ መላክ ራሱ ብቻውን አይጠቅምም። ከሐይቅ በላይ ያለ ገጠር ሄደው ያንኑ ግማሽ እንጀራ በልተው 45 ኪሎ ሆነው ይመለሳሉ። ስለዚ ወይ ዋርድ ውስጥ ይተኙ ወይ ደሴ ዘመድ ጋ ይቀመጡ፣ ካልሆነ ቢያንስ በ7ኛው ቀን አንድ ሰው ደውሎ ይጠይቅ።

ደረጃ 4፦ ሁለቱ ሳምንት

ልጃቸው «ዛሬውኑ በግ ላርድላቸው?» አለ። አይ፣ ቀስ በል።

ለወራት የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ኢንሱሊን ይነሳና ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ውስጥ ወደ ሴል ይገባሉ፣ ደም ውስጥ ያለው ይወርዳል፣ ልብ ምት ይዛባል፣ መተንፈስ ያቅታል፣ እግር ያብጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው ሚከሰተው። ቢኤምአዩ ከ18.5 በታች ሆኖ ከ10 ፐርሰንት በላይ የቀነሰ ሰው ለዚህ ተጋላጭ ነው፣ ማለት እማማ ናቸው። ቢኤምአዩ ከ16 በታች የሆነ ወይ ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልበላ ሰው ደሞ የባሰ።

ስለዚ ምግብ ከመጨመሩ በፊት ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን፣ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ተከፋፍሎ ጀምሩ፣ ለ10 ቀን ያህል ይቀጥላል። ፖታሲየም በየቀኑ ወይ ቀን ዘሎ ይታይ፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት የሚሰራ ላብ ካለ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ ቢያንስ ልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ እግሩን እዩ። ይሄን ሰው ታያሚን ሳትሰጡት ዴክስትሮስ አታንጠልጥሉ፣ «ደከመው ግሉኮስ ይሰቀልለት» ሚባለውን ነገር ማለቴ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ እማማ አሁንም ትንሽ ትንሽ እየበሉ ነው፣ ስለዚ ከዜሮ አንጀምርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን አሁን በሚበሉት ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻ እንጨምራለን፣ ከዛ በአምስት ስድስት ቀን ውስጥ ወደ ሙሉው እንወጣለን። በጣም ያለቀ ሰው ከሆነ ግን በቀን በኪሎ 10 ካሎሪ አካባቢ ነው ሚጀመረው፣ ይሄ ሆስፒታል ውስጥ መሆን አለበት።

ሙሉው ስንት ነው? በኪሎ ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን በኪሎ 1.5 ግራም። ለ46 ኪሎ 1380 ካሎሪና 69 ግራም ፕሮቲን ሆነ። ካሎሪው አያስቸግርም፣ ፕሮቲኑ ነው የሚያስቸግረው፣ እንጀራና ሻይ ሲጠጣ የሚውል ሰው ሆዱ ሞልቶ ጡንቻው ይራባል። የእማማን ቀን እንደዚህ አወጣነው፦ ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም፣ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ሶስት ብርጭቆ ወተት ወይ እርጎ (ብርጭቆዋ ሩብ ሊትር ምትይዘው) 24 ግራም፣ ምሳና ራት ላይ ወፈር ያለ ምስር ወይ ሽሮ፣ ለያንዳንዱ ወደ 50 ግራም ደረቅ ምስር ወይ ዱቄት ሂሳብ፣ ሁለቱ 22 ግራም አካባቢ፣ ከሰአት አንድ እፍኝ ለውዝ ተፈጭቶ 7 ግራም። እስካሁን 65 ነው፣ እንጀራውና በሶው ቀሪውን ይሞሉታል። ወተቱን ወፈር ያለ አጥሚት ማድረግ ይቻላል፣ የወተት ዱቄት ሁለት ማንኪያ ጨምሮ።

የጾም ከሆነና ካልተፈቀደ፣ እንቁላሉና ወተቱ ይወጡና ምስሩ፣ ሽሮው፣ ለውዙ በእጥፍ ይገባል፣ ይቻላል ግን ሆዱ ቶሎ ለሚሞላ ሰው ይከብዳል፣ መጠኑ ይበዛበታል። የጤና ተቋሙ ፕላምፒ ነት ካለው አንዱ እሽግ 500 ካሎሪና 13 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ነው፣ ግን ለህጻናት ታስቦ ስለሚመጣ ሁሌ አይገኝም፣ ጣፋጭነቱንም አንዳንድ ትልቅ ሰው አይወደውም።

ሲያለቅሱ የሰማኋቸው አስታማሚዎች «አልበላ አሉኝ» ነው ሚሉት። ሶስት ጊዜ ትልቅ ትሪ ከማቅረብ ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ አቅርቡ፣ ውሃና ቡናን ከምግብ ጋ ሳይሆን በመሀል አድርጉት፣ ሆድ ይሞላሉ። እሱም ካልሆነና በቀን ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ብቻ እየገባ ከሆነ በአፍንጫ ቱቦ ማብላትን ከሀኪሙ ጋ ተነጋገሩ፣ ብዙ ሰው ቱቦውን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚያይ ለምን እንደሚገባ በደንብ አስረዱ።

በ7ኛው ቀንና በ14ኛው ቀን መዝኑ። በሁለት ሳምንት 53 አይመለስም፣ አትጠብቁትም። እማማ 47 ቢሆኑ፣ አፋቸው እየበላ፣ ጨበጣቸው እየጠነከረ ከሆነ በቂ ነው። በሶስት ቀን 3 ኪሎ ከጨመሩ ግን ደስ አይበላችሁ፣ ውሃ ነው፣ እግራቸውን ተጭናችሁ እዩ። ሄሞግሎቢኑም በዚሁ ጊዜ ይታያል፣ የቀኝ አንጀት እጢ ደም ቀስ እያለ ስለሚያፈስ ብዙ ጊዜ አይረን ያስፈልጋቸዋል።

ደረጃ 5፦ ዋዜማውና የስኳሩ መጠጥ

ከሌሊቱ 6 ሰአት ጀምሮ ምንም፣ ውሃም እንዳትጠጣ የሚለው ነገር አሁንም በየዋርዱ አለ። ኦፕራሲዮኑ ከሰአት ሲገፋ ሰውዬው 15 ሰአት ደርቆ ይገባል። አሁን ያለው የአኔስቴዢያ ህግ ግን ደረቅ ምግብና ወተት 6 ሰአት (ቅባት የበዛበት ምግብ ከዛም በላይ)፣ የጠራ ፈሳሽ ደግሞ 2 ሰአት ነው። የጠራ ማለት ብርጭቆው ውስጥ አሻግራችሁ ምታዩበት፣ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጣራ የፖም ጭማቂ። አጥሚት፣ በሶ፣ የአቮካዶ ጁስ፣ ወተት የገባበት ሻይ ሁሉ ምግብ ናቸው። «ፈሳሽ እኮ ነው» ብሎ አጥሚት የሚሰጥ አስታማሚ ሁልጊዜ አለ፣ ቀድማችሁ ንገሩት።

የካርቦሀይድሬት መጠጡ ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ባዶ ሆዱን ያደረ ሰው ጉበቱ ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ይቀንሳል፣ ከዛ ላይ የኦፕራሲዮኑ ጭንቀት ሲጨመር ኢንሱሊኑ መስራት ያቅተዋል፣ ስኳሩ ከፍ ይላል ጡንቻውም ይበላል። ሰውነቱን «በልቻለሁ» በሚል ሁኔታ ማስገባት ይሄን ይቀንሰዋል። የተለመደው መጠን ማታ በ800 ሚሊ ውስጥ 100 ግራም፣ ጠዋት በ400 ሚሊ ውስጥ 50 ግራም ነው፣ ጠዋት ያለው ከማደንዘዣው 2 ሰአት በፊት ተጨርሶ።

ጥናቶቹ የተሰሩት ማልቶዴክስትሪን በሚባል ዱቄት ነው። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፣ ስለዚ ሰዎች በስኳር ሻይ ይተኩታል። 50 ግራም ስኳር ማለት ልከኛ፣ ያልተቆለለ 4 የሾርባ ማንኪያ ነው፣ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ላይ ትንሽ ጎደል አድርጋችሁ፣ 400 ሚሊ፣ በተጣራ ቀዝቀዝ ባለ ሻይ ወይ ሎሚ በተጨመቀበትና በደንብ በተጣራ ውሃ ታሟሙታላችሁ። ከማልቶዴክስትሪኑ የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እኔ በሻይ ሲሆን 2 ሰአት ሳይሆን 3 ሰአት እመርጣለሁ፣ ስኳሩንም ከዛ በላይ አትጨምሩ። ውጤቱ ከዱቄቱ ጋ እኩል ነው ብዬ ግን አልምልም። ዱቄቱም ቢሆን ጥናቶቹ ሲጠቃለሉ ያሳዩት የኢንሱሊኑን አሰራር እንደሚያሻሽል፣ ጥማትና ጭንቀት እንደሚቀንስ፣ የሆስፒታል ቆይታን በጥቂቱ እንደሚያሳጥር ነው፣ ኮምፕሊኬሽን ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ከደረጃ 4 ጋ አታወዳድሩት፣ ሁለት ሳምንት ያልበላ ሰው በአንድ ጠርሙስ ሻይ አይካስም።

መጠጡን የማይወስዱ ሰዎች አሉ። የጨጓራ መውጫው የጠበበ፣ ቅድም ያልኩት የትናንቱን ራት ሚተፋው፣ አይወስድም፣ ጨጓራው ባዶ ስለማይሆን ሲደነዘዝ ያለው ወደ ሳንባው ይገባል። አንጀቱ የተዘጋ፣ በድንገት የሚሰራ፣ መዋጥ የሚቸገር፣ ከባድ የጨጓራ አሲድ መመለስ ያለበትም እንደዛው። የስኳር በሽታ ኖሮት ኢንሱሊን ብቻ የሚያኖረው ሰው ይቅርበት፣ በኪኒን የሚቆጣጠረው ደሞ አኔስቴዢያው ካልተስማማና ስኳሩ ጠዋት ካልታየ አይሰጠውም፣ ውሃ እስከ 2 ሰአት ድረስ ግን ይጠጣ።

ሰአቱን ስትናገሩ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ጋ ነው ሚበላሸው። «ከ2 ሰአት በፊት ጨርሱ» ብትሏቸው እማማ የጠዋቱን 2 ሰአት ነው ሚሰሙት፣ ኦፕራሲዮኑ 2 ሰአት ተኩል ከሆነ ደሞ 1 ሰአት ተኩል ላይ ጠጥተው ይመጣሉ፣ ይሰረዛል። ስለዚ ሰአቱን ራሱን በወረቀት ጽፋችሁ አልጋው ላይ ለጥፉ፦ ማታ 1 ሰአት ራት፣ ከ2 እስከ 4 ሰአት የማታው 800 ሚሊ ቀስ እየተባለ፣ ሌሊት 6 ሰአት በኋላ ምንም ምግብ የለም፣ ንጋት 11 ሰአት የጠዋቱ ጠርሙስ፣ 11 ሰአት ተኩል ላይ አልቆ ጠርሙሱ ለነርስ ይሰጥ። ባዶ ጠርሙስ ማየት ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ሰልፉ ከሰአት ከተገፋ አዲሱን ሰአት ከኦ.አር. ጠይቁና ውሃ ፍቀዱላቸው፣ ስኳሩን ግን አትድገሙት።

ደረጃ 6፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ

ኦፕራሲዮኑ 2 ሰአት ተኩል ተጀምሮ 6 ሰአት ላይ አለቀ እንበል። ጋዝ እስኪወጣ ወይ አንጀት ሲጮህ እስኪሰማ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ትንሹ አንጀት በሰአታት ውስጥ ወደ ስራ ይመለሳል፣ ጨጓራው በ1 ወይ 2 ቀን፣ ትልቁ አንጀት ደሞ በ2 ወይ 3 ቀን። የሚዘገየው ትልቁ ስለሆነ ፈሱን እየጠበቅን ሌላውን ሁሉ እናስርባለን። በ24 ሰአት ውስጥ መብላት የጀመሩ ሰዎች ላይ የስፌቱ መክፈት እንደማይጨምር በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል፣ ማስመለስ ግን ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚ ማስመለሱን ቀድማችሁ አክሙት፣ ኦንዳንሴትሮን ወይ ሜቶክሎፕራማይድ ሲያስመልሰው ሳይሆን ቀድሞ ይታሰብ።

እማማ በደንብ ነቅተው፣ ቀና ብለው ከተቀመጡ፣ 10 ሰአት ላይ ውሃ ጉንጭ ጉንጭ አሉ፣ 50 ሚሊ ያህል። ግማሽ ሰአት ታገሱ፣ ካላቅለሸለሻቸው በየሰአቱ አንድ ሲኒ ሁለት ሲኒ ቀጥሉ። ማታ ላይ ሻይና ግማሽ ብርጭቆ እርጎ። የአፍንጫው ቱቦ ያለምክንያት አይቀመጥ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጡ ከተረሳ ጠይቁ። ማስቲካ ማኘክም ይረዳል ይባላል፣ ጉዳት የለውም፣ ጥርስ ላለው ሰው።

በማግስቱ ጠዋት አጥሚት በወተት 200 ሚሊ፣ ከ3 ሰአት በኋላ ለስላሳ እንቁላል፣ ምሳ ላይ በርበሬው የቀነሰ እርጥብ ፍርፍር ጥቂት ጉርሻ። እየጠጡ ከሆነ የተሰቀለው ፈሳሽ ይነቀል። ብዙ ሰው «ይደርቃሉ» ብሎ ሶስት አራት ሊትር ያፈስባቸዋል፣ ውሃው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ያኔ አንጀቱ ይሰንፋል። ህመሙን በፓራሲታሞል መደብ አድርጋችሁ ትራማዶልና ፔቲዲን የመሳሰሉትን ቀንሱ፣ እነሱ ራሳቸው አንጀት ያስተኛሉ፣ ያቅለሸልሻሉም። ዳይክሎፌናክ ደሞ አንጀት ለተሰፋ ሰውና ኩላሊቱ ለደከመ ሰርጀኑን ሳትጠይቁ አይሰጥ። አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ዘመድ ይመጣል። ወሎ ላይ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ገንፎ በቅቤ፣ ዶሮ፣ አምባሻ፣ ሁሉም «እንካ ጉረስ» ነው። አባሯቸው አልልም። አንድ ሳህን ተቀብላችሁ ትንሽ ትንሹን ስጡ፣ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ጨጓራ ላይ ስለሚቀመጥ ለአራተኛ አምስተኛ ቀን አቆዩት፣ ዶሮው ውስጥ ያለውን እንቁላል ግን በደስታ ተቀበሉ።

እማማ ሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ስቅታ ጀመራቸው፣ ሆዳቸው ነፋ አለ፣ አንዴ አስመለሱ። ስቅታና መነፋት ሲገናኙ ጨጓራው ሞልቷል ማለት ነው ብዙ ጊዜ። ምግቡን ለዛች ማታ አቁሙ፣ ውሃ ብቻ ጉንጭ ጉንጭ። ፖታሲየም ተላከ፣ 3.1 መጣ፣ ዝቅ ያለ ፖታሲየም አንጀት ያሰንፋል፣ ተተካ። ትራማዶሉ ተቀነሰ፣ በኮሪደሩ ሄድ መለስ አሉ። ጠዋት መነፋቱ ቀለለ፣ እርጎ ተጀመረ። መነፋቱ ባይለቅና ደግመው ደጋግመው ቢያስመልሱ ኖሮ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይራገፍ ነበር፣ ወደ ሳንባ እንዳይገባ።

ሌላው ግን ከዚህ የሚለይ ነው። ከሶስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ልብ ምቱ ያለምክንያት ከ100 በላይ ሲሄድ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ህመሙ እየቀነሰ ቆይቶ እንደገና ሲጨምር፣ ሰውዬው ዝም ዝም ሲል፣ ስፌቱ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሆዱ የግድ አይደርቅም፣ ልብ ምቱ ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ያኔ ምግብ ማቆምና ሰርጀኑን ወዲያው መጥራት ነው፣ «ጋዝ ነው ይለቀዋል» ተብሎ አይታደርም።

ሙሉ ጨጓራው የወጣለት፣ የምግብ ቧንቧው ወይ ቆሽቱ የተሰራለት፣ ወይ ግፊቱ ወርዶ በመድሀኒት የተደገፈ ሰው በዚህ ፍጥነት አይሄድም፣ የሱን አካሄድ ሰርጀኑ ይወስናል። ማንኛውም ሰው ደሞ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ሆኖ ሳምንት እንደሚያልፍ ከታየ ሳምንቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ የቱቦ ምግቡ ቶሎ ይጀመር።

እማማ በ6ኛው ቀን ወጡ። ሲወጡ ልጃቸው ወረቀት ላይ የያዘው፦ ያው የበፊቱ ሶስት ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት እንቁላልና ሁለት ወፍራም ምስር ቢያንስ ለአንድ ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ ሐይቅ ጤና ጣቢያ በቀሚስ ብቻ መመዘን፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ማስጻፍ። ሲወጡ 46 ኪሎ ነበሩ። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከ44 በታች ከወረዱ ወይ ሁለት ቀን ምግብ ከከለከላቸው የክትትል ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይምጡ ተባለ።